ከኪሴ የወጣው ዶላር፣ እናቴ እጅ የገባው ብር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው እየተንከባከብኩ መኖር ከጀመርኩ ስምንት ዓመት አልፎኛል። በእነዚህ ዓመታት ደብረ ማርቆስ ለምትኖረው እናቴ ገንዘብ ሳልልክ ያለፈ ወር አላስታውስም፤ ስለዚህም ስለ ገንዘብ መላክ የሚያስተምረኝ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። በ2017 ዓ.ም. ፋሲካ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው እናቴ ደወለችና ከሰላምታው በኋላ ትንሽ ዝም ብላ፣ «ልጄ፣ ሥራ ቀነሰብሽ እንዴ?» አለችኝ። እንዳልቀነሰብኝ ነገርኳት። «የጎረቤታችን ልጅም እኮ እንዳንቺው ሦስት መቶ ዶላር ነው የላከላት፤ እሷ ግን ከእኔ አንድ ሺህ አራት መቶ ብር አብልጣ ተቀበለች። በዚህ በኩል የቆረጡብኝ ነገር እንዳለ ብዬ ነው» አለች።

በደብረ ማርቆስ በኩል የተቆረጠባት ጥቂት ብር ብቻ ነበር። ዋናው ቆራጭ ያለው እኔ በነበርኩበት በኩል ነው፤ አንዳንዱንም እኔው ራሴ ፈርሜ ያስቆረጥኩት ሆኖ አገኘሁት። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ በየወሩ ከ200 እስከ 500 ዶላር የምትልኩ ሰዎች የትኛው መንገድ ስንት እንደሚያስከፍላችሁ በራሳችሁ ደረሰኝ ማስላት እንድትችሉ ነው።

ስሕተቴ ከየት እንደጀመረ ለማስረዳት ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የምልከው ከሰፈራችን የኢትዮጵያ ሸቀጥ ከሚሸጥበት ሱቅ፣ እዚያው ጥግ ላይ ካለው የገንዘብ ማስተላለፊያ ድርጅት ወኪል ነበር። እንጀራና በርበሬ ስገዛ ጥሬ ገንዘቡን እሰጠዋለሁ፣ ሚስጥር ቁጥር የታተመበት ደረሰኝ ይሰጠኛል፣ ቁጥሩን ለእናቴ በስልክ አነብላታለሁ፤ በቃ። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ የባንኮች ምንዛሬ በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር ስለነበር ከባንክ ባንክ ያለው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ስለዚህ እኔም፣ የማውቃቸው ሰዎችም የምናወዳድረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የአገልግሎት ክፍያው አምስት ዶላር ነው ወይስ ስምንት?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ነገሩ ተለወጠ። በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን አልፎ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ እያንዳንዱ ባንክና እያንዳንዱ አስተላላፊ ድርጅት የየራሱን ዋጋ በየዕለቱ ያወጣል። እኛ ግን ክፍያን ብቻ የማወዳደር የድሮ ልማዳችንን አልተውንም። አሁን ትልቁ ወጪ የተሸሸገው ደረሰኙ ላይ «ክፍያ» ተብሎ ከተጻፈው ቁጥር ውስጥ ሳይሆን ከሥሩ ካለው የምንዛሬ ቁጥር ውስጥ መሆኑን ለመረዳት እኔ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ፈጅቶብኛል።

ከለውጡ በኋላ «ባንክ ነው ጥሩ ምንዛሬ የሚሰጠው» የሚል ወሬ ሰማሁና ወደ ባንክ ዞርኩ። ወሬው ሐሰት አልነበረም። ዶላሩ በዶላርነቱ እስከ ኢትዮጵያ ባንክ ድረስ ሄዶ እዚያ ሲመነዘር እናቴ የምታገኘው የዚያኑ ባንክ የዕለቱን የግዢ ዋጋ ነው፤ በመሃል ምንዛሬውን የሚሸራርፍ ድርጅት የለም። እኔ ያላሰብኩት ዶላሩ እዚያ እስኪደርስ ድረስ የሚከፈለውን ነው። እናቴ የደወለችልኝ በዚህ መንገድ ከላክሁ በኋላ ነበር።

ስልኩን ዘግቼ የባንክ መግለጫዬን አወጣሁና ማታውን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ለእናቴ 300 ዶላር ልኬአለሁ፤ ለማስተላለፊያ ደግሞ 45 ዶላር ለብቻው ተቆርጧል። ይህን አውቀው ነበር፣ ግን «የባንክ ነገር እንዲህ ነው» ብዬ አልፌው ነበር። እናቴ ከባንክ የተሰጣትን ወረቀት የእህቴ ልጅ ፎቶ አንስቶ ሲልክልኝ ግን የደረሰው 282 ዶላር እንደሆነ አየሁ። 18 ዶላሩ የቀረው መንገድ ላይ ነው። የእኔ ባንክና የእናቴ ባንክ ቀጥታ ሂሳብ ስለሌላቸው ገንዘቡ የሚያልፈው በሦስተኛ ባንክ በኩል ነው፤ እሱም የድካሙን ከገንዘቡ ላይ ይቆርጣል። የላክሁበትን ቅጽ መልሼ ባየው «ወጪውን ማን ይሸፍናል» በሚለው ቦታ ላይ SHA የሚል ምልክት አለ፤ ትርጉሙም የዚህኛውን ባንክ ክፍያ ላኪው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ተቀባዩ ይሸከማል ማለት ነው። OUR የሚለውን መርጬ ቢሆን ኖሮ የመንገዱንም ወጪ እኔ ቀድሜ ከፍዬ 300ው ዶላር ሳይሸራረፍ ይደርስ ነበር። BEN የሚባልም አለ፤ እሱ ሁሉንም ወጪ ተቀባዩ ላይ ይጥላል። ቅጹን የሞላችልኝ የባንክ ሠራተኛ ስለዚህ አልጠየቀችኝም፤ እኔም መጠየቅ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር።

በዚያን ሰሞን የባንኩ የግዢ ዋጋ 130 ብር ነበር (ስሌቱ እንዲቀል ሳንቲሞቹን አስተካክዬአቸዋለሁ)። 282 ዶላር በ130 ሲባዛ 36,660 ብር ይሆናል፤ ከዚህ ላይ የተቀባዩ ባንክ 260 ብር የአገልግሎት ወስዶ እናቴ እጅ የገባው 36,400 ብር ነው። በእኔ በኩል የወጣው ግን 300 ሳይሆን 345 ዶላር ነው። እዚህ ላይ ሂሳብ የሚችል የሥራ ባልደረባዬ ያሳየችኝ ነገር ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ቀለል አደረገልኝ። «መቶኛ ምናምን ውስጥ አትግቢ» አለችኝ፤ «እናትሽ እጅ የገባውን ብር ከአንቺ ኪስ ለወጣው ዶላር በሙሉ አካፍዪው። የሚመጣው ቁጥር ያንቺ እውነተኛ ምንዛሬ ነው።» 36,400ን ለ345 ሳካፍለው 105 ብር ከ51 ሳንቲም ወጣ። ዶላር 130 ብር በሚያወጣበት ቀን እኔ ዶላሬን በ105 ብር ሸጬ ነበር ማለት ነው።

በማግሥቱ ወደ ድሮው ወኪል ሱቅ ሄድኩና ምንም ሳልልክ ዋጋ ጠየቅኩ። ይህ መብታችሁ ነው፤ በአሜሪካ ሕግ መሠረት ወደ ውጭ ገንዘብ የሚያስተላልፍ ድርጅት ገንዘባችሁን ከመቀበሉ በፊት ክፍያውን፣ ምንዛሬውንና ተቀባዩ የሚያገኘውን መጠን በጽሑፍ ሊያሳያችሁ ይገባል። ልጁ ቢሰለችም አሳየኝ፦ ክፍያ 8 ዶላር፣ ምንዛሬ 126 ብር፣ ተቀባይ የምታገኘው 37,800 ብር። ከ130 ወደ 126 ሲወርድ አራት ብር ብቻ ይመስላል፤ በ300 ሲባዛ ግን 1,200 ብር ነው፣ ይህም ከ9 ዶላር በላይ ማለት ነው። ሁላችንም አስተላላፊ ስንመርጥ የምንከራከርበት የ8 ዶላር ክፍያ ከተደበቀው ወጪ ያነሰ ነበር። ያም ሆኖ 37,800ን ለ308 ሳካፍለው 122 ብር ከ73 ሳንቲም መጣ፤ ለዚህ ለትንሹ ገንዘብ ከባንኩ በብዙ ይሻላል።

ዋጋ ስታወዳድሩ መነሻ የምታደርጉት ቁጥር የትኛው እንደሆነ ተጠንቀቁ። እኔ መጀመሪያ ከባንኩ ሰሌዳ ላይ ያነበብኩት «መሸጫ» የሚለውን ዋጋ ስለነበር ሁሉም የሚዘርፈኝ መስሎኝ ተናድጄ ነበር። መሸጫው ባንኩ ዶላር ለሚፈልግ ሰው የሚሸጥበት ነው፤ እኛን የሚመለከተው ባንኩ ከእኛ የሚገዛበት «መግዣ» የሚለው ብቻ ነው። ጥቁር ገበያ የሚባለውንም መነሻ አድርጌ ለማስላት ሞክሬ ነበር። በዚያ መንገድ ሲልክ የነበረ አንድ ዘመዴ ግን ገንዘቡን የሰጠው ሰው ስልኩን ዘግቶ የጠፋበት ቀን ሊከስበት የሚችልበት ደረሰኝ አልነበረውም። ሕገ ወጥ ከመሆኑ በላይ፣ ሙሉ ገንዘባችሁ የጠፋባት አንዷ ወር ብዙ ወር ያተረፋችሁትን ልዩነት ይዛ ስለምትሄድ ከስሌቴ አውጥቼዋለሁ።

ሦስተኛው መንገድ የሞባይል ዋሌት ነበር። የጎረቤታችን ልጅም የላከው በዚሁ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ እናቴ ካርድ ለመሙላትና የመብራት ለመክፈል ትጠቀምበት ነበር፤ ስልኳ የቁልፍ ስልክ ቢሆንም *127# ብላ ትገባለች። እዚህ ያሉ የመላኪያ መተግበሪያዎች ደግሞ ገንዘቡን በቀጥታ ኢትዮጵያ ውስጥ ካሉት ዋሌቶች ወደ አንዱ ያስገባሉ። የጫንኩት መተግበሪያ በትልቁ «ያለ ክፍያ» ይላል፤ ምንዛሬው ደግሞ 130 ብር ከባንኩ ጋር እኩል ነው። ደስ ብሎኝ ላክሁ።

በዚያች አንዲት ቀን ሦስት ስሕተት ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው፣ የከፈልኩት በክሬዲት ካርድ ነበር። መተግበሪያው ክፍያ አልጠየቀኝም፣ ካርዱን የሰጠኝ ባንክ ግን ነገሩን እንደ ግዢ ሳይሆን ጥሬ ገንዘብ እንደ መበደር ቆጥሮት 10 ዶላር ቆረጠ፤ ወለዱም እንደ ግዢው የወሩ መጨረሻ ድረስ አይጠብቅም፣ ከዚያው ዕለት ጀምሮ ይቆጥራል። ይህ ክፍያ በመላኪያው ደረሰኝ ላይ አይታይም፤ ያገኘሁት በወሩ መጨረሻ በካርዱ መግለጫ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የምከፍለው በዴቢት ካርድ ወይም በቀጥታ ከባንክ ሂሳቤ ነው።

ሁለተኛው፣ ያ 130 ብር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚልክ ሰው ብቻ የተሰጠ ዋጋ ነበር። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፣ እኔ አላነበብኩትም። በሚቀጥለው ወር ስከፍተው ምንዛሬው 127 ሆኗል፤ ለዴቢት ካርድም 2 ዶላር ይጠይቃል። ስለዚህ አዲስ መተግበሪያ ስታወዳድሩ የመጀመሪያውን ቀን ዋጋ ጣሉትና የሁለተኛውን ተመልከቱ፤ የመጀመሪያው ማጥመጃ ነው።

ሦስተኛው በገንዘብ የማይቆጠር፣ ግን ከሁሉም ያስጨነቀኝ ነው። እኔ የጻፍኩት የእናቴ ስም ሁልጊዜ የምንጠራት ስም ነው፤ መታወቂያዋ ላይና ዋሌቷ የተመዘገበበት ስም ግን መጨረሻው በአንድ ፊደል ይለያል። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። ገንዘቡ «በማጣራት ላይ» ተብሎ አራት ቀን ቆመ። እናቴ የፋሲካ በግ ዋጋ በየቀኑ ሲጨምር እያየች ትደውልልኛለች፣ እኔ ከሥራ በኋላ እኩለ ሌሊት ድረስ ከመተግበሪያው ሠራተኞች ጋር እጻጻፋለሁ። በመጨረሻ የመታወቂያዋን ፎቶ ከተቀበሉ በኋላ ስሙን አስተካክለው ለቀቁት። በጉ ግን በዚያን ጊዜ ከሁለት ሺህ ብር በላይ ጨምሮ ነበር፤ ይህንንም ወጪ በየትኛው መደብ እንደማስገባው እስከ ዛሬ አላውቅም። አሁን የእናቴን መታወቂያ ፎቶ ስልኬ ላይ አስቀምጬ ሦስቱንም ስም እዚያ ላይ እንዳለው አንድ በአንድ እያየሁ እጽፋለሁ።

ከስሙ ይልቅ የስልክ ቁጥሩ ይበልጥ ያስፈራል። በአሜሪካ ሕግ ከከፈላችሁ በኋላ ባሉት 30 ደቂቃዎች ውስጥ ሐሳባችሁን ቀይራችሁ ገንዘባችሁን ማስመለስ ትችላላችሁ፤ ይህ የሚሠራው ግን ተቀባዩ ገንዘቡን ካልወሰደ ወይም ሂሳቡ ውስጥ ካልገባ ብቻ ነው። በወኪል ሱቅ የላካችሁት ገንዘብ እናታችሁ ቁጥሩን ይዛ እስክትሄድ ድረስ ስለሚጠብቅ 30ው ደቂቃ ትርጉም አለው። ዋሌት ውስጥ ግን ገንዘቡ ብዙ ጊዜ በሰከንዶች ውስጥ ይገባል፣ በገባበት ቅጽበትም የመሰረዝ መብታችሁ ያበቃል። አንዲት ቁጥር ተሳስታ የማታውቁት ሰው ስልክ ውስጥ ከገባች ልመናው የሚጀምረው ከዚያ ነው። ለዚህም ነው ወደ አዲስ ቁጥር በምልክበት ጊዜ መጀመሪያ 10 ዶላር ብቻ የምልከው፤ እናቴ «ገባ» ካለችኝ በኋላ ቀሪውን አስከትላለሁ።

እንግዲህ ማጥመጃው ካለፈ በኋላ ያለው የዋሌት ዋጋ ይህን ይመስላል። 300 ዶላር በ127 ብር 38,100 ብር ሆኖ እናቴ ስልክ ውስጥ ይገባል፤ ከእኔ የሚወጣው 302 ዶላር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስሌቱን ያቆማል፣ እኔም አቁሜ ነበር። ነገር ግን ስልክ ውስጥ ያለ ብር ገና እጅ የገባ ብር አይደለም። እናቴ የሁለተኛውን ወር ገንዘብ በሙሉ ጥሬውን ልታወጣ ወደ ወኪሉ ሱቅ ሄደች። ወኪሉ ሳጥኑን ከፍቶ አያትና፣ «እማማ፣ አሁን ያለኝ አሥር ሺህ ብር ነው፣ ለቀሪው ነገ ይምጡ» አላት። እናቴ በአራት ቀን አራት ጊዜ ተመላልሳ አወጣችው፤ በእያንዳንዱም ጊዜ የማውጫ ክፍያ ተቆረጠባት። ሁሉም ሲደመር 300 ብር ሆነ። የቀራት 37,800 ብር ነው፤ ይህም ወኪሉ ሱቅ ከሰጠኝ ዋጋ ጋር ብር በብር እኩል ነው።

እናቴ እጅ የሚገባው እኩል ከሆነ ልዩነቱ የት ላይ ነው ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። በእኔ በኩል ነው፤ በአንዱ 308፣ በሌላው 302 ዶላር አወጣሁ። ለ302 ሲካፈል 125 ብር ከ17 ሳንቲም ይሆናል። ጥሬውን ባታወጣው ኖሮ ደግሞ 126 ብር ከ16 ሳንቲም ይደርስ ነበር። ከዚህ በኋላ ከእናቴ ጋር የተስማማነው የመብራቱን፣ የውኃውንና የእህቴን ልጅ የስልክ ካርድ በቀጥታ ከዋሌቱ እንድትከፍል፣ ከሸቀጥ ሱቁም ከዚያው እንድትገዛና ለገበያ የሚያስፈልጋትን ብቻ በወር አንድ ጊዜ እንድታወጣ ነው። መጀመሪያ ላይ አልጣማትም፤ «ያልቆጠርኩት ብር ብር አይመስለኝም» ትል ነበር። የማውጫው ክፍያ የአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ እንደሆነ ስነግራት ግን ገባት።

እናቱ ባለችበት ከተማ የዋሌት ወኪል የሌለ ወይም ሱቆቹ በዋሌት የማይቀበሉ ከሆነ ይህ ስሌት ይገለበጣል። ገጠር ያለችው አክስቴ ገንዘብ ለማውጣት ወረዳ ከተማ መምጣት አለባት፤ ለደርሶ መልስ የምትከፍለው የመኪና ከየትኛውም የምንዛሬ ልዩነት ይበልጣል። ለእሷ የምልከው በሦስት ወር አንድ ጊዜ፣ ሰብሰብ አድርጌ፣ በባንክ በኩል ጥሬውን እንድትወስድ አድርጌ ነው። የተቀባዩን ትራንስፖርትና የሚባክነውን ቀን ሳትደምሩ የትኛው ርካሽ እንደሆነ መናገር አትችሉም፤ ይህ ደግሞ በማንም መተግበሪያ ላይ አይጻፍም።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው ባንክን ጨርሼ የተውኩት ሊመስለው ይችላል። ባለፈው ክረምት ለእናቴ ቤት ጣሪያ 4,000 ዶላር መላክ አስፈልጎኝ ነበር፤ እኔም በአዲሱ ልማዴ ወደ መተግበሪያው ገባሁ። መጀመሪያ ያጋጠመኝ የእናቴ ዋሌት ያን ያህል ገንዘብ መያዝ እንደማይችል ነው፤ በተመዘገበችበት ደረጃ የሒሳቡ ጣሪያ ከዚያ በታች ነበር። መተግበሪያው ወደ ባንክ ሂሳቧም ሊያስገባላት ስለሚችል በዚያ ልልክ ስል የሥራ ባልደረባዬ ማካፈል ትዝ አለኝና ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ።

ለማነጻጸር እንዲመች በፋሲካው ጊዜ ዋጋ ላሳያችሁ። በመተግበሪያው 4,000 ዶላር በ127 ብር 508,000 ብር ነው፤ ለ4,002 ሲካፈል 126 ብር ከ94 ሳንቲም ይሆናል። በባንክ ደግሞ ያው 45 ዶላር ይከፈላል፣ ያው 18 ዶላር በመንገድ ይቀራል፣ ያው 260 ብር ይቆረጣል፤ 3,982 ዶላር በ130 ተመንዝሮ እናቴ እጅ 517,400 ብር ይገባል። ለ4,045 ሳካፍለው 127 ብር ከ91 ሳንቲም መጣ። በትንሹ ገንዘብ ላይ 105 ብር የነበረው የባንኩ እውነተኛ ምንዛሬ አሁን ከሁሉም በልጦ ተገኘ። ምክንያቱም የባንኩ ወጪ 300ም ላኩ 4,000 ያው አንድ ነው፤ የመተግበሪያውና የወኪሉ ወጪ ግን ምንዛሬው ውስጥ ስላለ ከእያንዳንዱ ዶላር ላይ ሦስትና አራት ብር እያነሳ ከገንዘባችሁ ጋር አብሮ ያድጋል። በእኔ ቁጥሮች ሁለቱ የሚገናኙት 2,700 ዶላር አካባቢ ነው። የእናንተ ባንክ የሚያስከፍለው 25 ዶላር ከሆነ ወይም የመተግበሪያችሁ ምንዛሬ ከባንኩ የሚያንሰው በአንድ ብር ብቻ ከሆነ መገናኛው ሌላ ቦታ ይሆናል፤ ስለዚህ የእኔን 2,700 እንደ ደንብ አትውሰዱት።

በባንክ ስትልኩ የምታጡት አንድ ነገር እርግጠኝነት ነው። ወኪሉም መተግበሪያውም እናታችሁ የምታገኘውን ብር በከፈላችሁበት ደቂቃ ቆልፈው ይነግሯችኋል። በባንክ የሄደው ዶላር ግን የሚመነዘረው ኢትዮጵያ ሲደርስ፣ በደረሰበት ቀን ዋጋ ነው፤ የእኔ ለመድረስ ሦስት የሥራ ቀን ፈጅቶበታል። ብሩ በእነዚያ ቀናት ቢረክስ ታተርፋላችሁ፣ ቢጠነክር ትከስራላችሁ። የባንኩ ደረሰኝም ላይ ተቀባዩ በራሱ ባንክ ክፍያ ምክንያት ከተጻፈው ያነሰ ሊያገኝ እንደሚችል የምትናገር አንዲት መስመር አለች፤ ያችን መስመር ያየ ሰው ለጣሪያ ሠሪው የሚከፈለውን ልክ በልክ አይልክም። እኔ ሁለት መቶ ዶላር ጨምሬ ላክሁ።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ አዲስ ወጪ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ወደ ውጭ የሚላክ ገንዘብ በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በካሽየር ቼክ ከተከፈለ የ1 በመቶ ታክስ ይጨመርበታል። ከባንክ ሂሳብ ወይም እዚሁ አገር በተሰጠ ዴቢትና ክሬዲት ካርድ የተከፈለውን አይነካም። በ300 ዶላር ላይ 3 ዶላር ናት። ነገር ግን ያ የሸቀጥ ሱቅ ወኪል በቁጥሬ ላይ 122 ብር ከ73 ሳንቲም የነበረው፣ ጥሬ ገንዘብ እየሰጠሁ ከቀጠልኩ 121 ብር ከ54 ሳንቲም ይሆናል ማለት ነው። ከእሱ መላክ ለምትፈልጉ፣ ለምሳሌ ተቀባያችሁ ስልክም የባንክ ሂሳብም ከሌለው፣ በዴቢት ካርድ መክፈል ይቻል እንደሆነ ጠይቁት።

የዓለም ባንክ ገንዘብ የመላኪያን ዋጋ በየአገሩ ሲያወዳድር የአገልግሎት ክፍያውንና የምንዛሬውን ልዩነት ደምሮ፣ በ200 እና በ500 ዶላር ላይ ነው የሚያሰላው፤ አገሮችም ይህ ጠቅላላ ወጪ እ.ኤ.አ. በ2030 ከ3 በመቶ በታች እንዲሆን ተስማምተዋል። ይህን ካነበብኩ በኋላ የራሴን ቁጥሮች ወደ መቶኛ ለወጥኳቸው። እናቴ ጥሬውን ሳታወጣ የተጠቀመችበት የዋሌት ገንዘብ ከ3 በመቶ ለጥቂት በታች ሆኖ ተገኘ፤ አውጥታው ቢሆን ወደ 3 ነጥብ 7 ይወጣል፤ የወኪሉ 5 ነጥብ 6 ነበር። ያ የመጀመሪያው የባንክ መላኬ 18 ነጥብ 8 በመቶ ነው። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም።

አሁን ከወር ወር የማደርገው አጭር ነው። ደመወዝ በገባ ማግሥት ጠዋት ቡናዬን እየጠጣሁ ሁለት መተግበሪያ እከፍታለሁ፤ 300 ብዬ እጽፍና ከመክፈሌ በፊት የሚያሳዩኝን ብር ደብተሬ ላይ አሰፍራለሁ። አንዱ ወር አንዱ ይበልጣል፣ በሚቀጥለው ሌላው። በበዓል ሰሞን አንዳንድ የኢትዮጵያ ባንኮች በእነሱ በኩል ለሚወጣ ሐዋላ ሽልማትና ጉርሻ ስለሚያወጡ በዚያን ጊዜ እናቴም በበኩሏ ጠይቃ ትነግረኛለች። ከላክሁ በኋላ ስልክ እደውልላታለሁ፤ እሷም መልእክቱን የእህቴ ልጅ እያነበበላት ቁጥሩን ትነግረኛለች፣ እኔ ከደብተሬ ጋር አመሳክራለሁ። ባለፈው ወር ቁጥሩን ነግራኝ ስታበቃ፣ «የጎረቤታችን ስንት እንደደረሳት ጠይቄልሽ ነበር» አለች። በ90 ብር በልጠናታል።